«34 ኪሎ ሜትር ተገነባ» ውጤት አይደለም

ሥራ ተቋራጮችና አማካሪ ድርጅቶች ለአዲስ አሠሪ የሚያቀርቡት ኬዝ ስተዲ አብዛኛውን ጊዜ የተሠራውን ይዘረዝራል፤ የተለወጠውን ግን አይናገርም። የአዲስ አበባ ቀላል ባቡር፣ በተለይም ከአያት በሲኤምሲና በመገናኛ አልፎ ጦር ኃይሎች የሚደርሰው የምሥራቅ–ምዕራብ መስመር፣ ልዩነቱን በግልጽ ያሳያል።

የፕሮጀክቱ ደረቅ መግለጫ በአጭሩ ይህን ይመስላል፦ አሠሪው የኢትዮጵያ ምድር ባቡር ኮርፖሬሽን፣ ተቋራጩ የቻይናው ሲአርኢሲ፣ ርዝመቱ በሁለት መስመር 34 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ጣቢያው 39፣ ባቡሩ 41፣ ወጪው 475 ሚሊዮን ዶላር ገደማ፣ አብዛኛው ገንዘብ ከቻይና ኤግዚም ባንክ የተገኘ ብድር፣ አገልግሎቱ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. መግቢያ። ሁሉም ቁጥር የሚገልጸው የገባውን ሀብትና ርክክብ የተደረገበትን ዕቃ ነው። ጠዋት ከአያት ተነሥቶ ስታዲየም አካባቢ ሥራ የሚገባ ሰው ምን እንዳገኘ ከዚህ ዝርዝር ማወቅ አይቻልም።

ዝርዝሩ ታሪክ የሚሆነው በአራት ጥያቄ ቅደም ተከተል ሲጻፍ ነው፦ ችግሩ የማን ነበር? ለምን ይህ መፍትሔ ተመረጠ? ምን ተሠራ? ከዚያስ ምን ተለወጠ? በአያት መስመር ችግሩ የተሳፋሪው ነው። ከተማዋ ወደ ምሥራቅ ስትሰፋ መኖሪያው ወደ ሲኤምሲና አያት ሄደ፤ ሥራው ግን በአመዛኙ መሀል ከተማ ቀረ። መንገዱን ሚኒባስ ታክሲ፣ አውቶቡስና የቤት መኪና ይጋፉበታል። ባቡሩ የራሱ ሐዲድ ስላለው በዚህ ግፊያ ውስጥ አይያዝም፤ የተመረጠበት አንዱ ምክንያትም ይኸው ነው። ይህ ከተነገረ በኋላ ኪሎ ሜትሩና ጣቢያው በአንድ ዓረፍተ ነገር ያልቃሉ።

ጸሐፊዎች በብዛት የሚሳሳቱት አራተኛው ጥያቄ ላይ ነው፤ የዲዛይን አቅምን እንደ ውጤት ያቀርባሉ። ለቀላል ባቡሩ ሲጠቀስ የነበረው አቅም በአንድ አቅጣጫ በሰዓት 15,000 ሰው ነው። አንድ ባቡር ይይዛል የተባለው ደግሞ 286 ሰው ነው። 15,000 ለ286 ሲካፈል በሰዓት 52 ያህል ባቡር ይመጣል፤ ይህም በየ70 ሰከንዱ ገደማ አንድ ባቡር ማለት ነው። ሁለት ባቡር ተቀጥሎ ቢሄድ እንኳ በየሁለት ደቂቃ ከሩብ ገደማ መምጣት ይኖርበታል። በየስድስት ደቂቃው አንድ ነጠላ ባቡር ቢመጣ ግን በሰዓት የሚያልፈው ቢበዛ 2,860 ሰው ነው። ስለዚህ 15,000 መሠረተ ልማቱ ሊደርስበት የሚችለውን ጣሪያ ይናገራል፤ በአንድ ጠዋት መገናኛ ላይ ስንት ሰው እንዳለፈ አይናገርም።

እውነተኛ ውጤት የሚለካው ከሥራው በፊትም በኋላም በአንድ ዓይነት መንገድ ነው። ለዚህ መስመር ተገቢው መለኪያ ከአያት እስከ ስታዲየም ከበር እስከ በር የሚፈጀው ጊዜ ነው፤ ወረፋውም አብሮ ይቆጠራል። ባቡሩ ከተሳፈሩ በኋላ ፈጣን ቢሆንም ጣቢያ ላይ ረጅም ጥበቃ ካለ ትርፉ ይጠፋልና። ልኬቱ በተመሳሳይ የሥራ ቀናትና በተመሳሳይ ሰዓት መወሰድ አለበት። ትምህርት ቤት ሲዘጋ መንገዱ ስለሚቀል፣ የመስከረም መጨረሻን ከነሐሴ ጋር ማወዳደር ባቡሩ ያላመጣውን ለውጥ ለባቡሩ መስጠት ይሆናል። በተጨማሪም ባቡር በሌለበት ሌላ መንገድ ተመሳሳይ ልኬት ቢወሰድ፣ የነዳጅ ዋጋ ወይም አዲስ መንገድ ያመጣውን ለውጥ ለመለየት ይረዳል።

ከፐርሰንት በፊት ጥሬው ቁጥር ይቀመጣል። «ጉዞው 30 በመቶ አጠረ» ብቻውን አያስተማምንም። ከስንት ደቂቃ ወደ ስንት፣ በስንት ተሳፋሪ ላይ፣ በየትኛው ወር እንደተለካ ሲጨመርበት ግን አንባቢው ራሱ ሊያጣራው ይችላል።

ጥሩ ታሪክ የውጤቱን ወሰንም ይይዛል። ከዓመታት በኋላ በመለዋወጫ ዕጥረትና በጥገና ችግር ብዙዎቹ ባቡሮች ቆሙ። የሐዲዱ አጥርም እግረኛ የሚሻገርባቸውን ቦታዎች ውሱን አድርጓል። በመጀመሪያው ዓመት የተለካ ውጤት «በመጀመሪያው ዓመት» ተብሎ ካልተጻፈ፣ ዛሬ ጣቢያ ላይ ቆሞ የሚጠብቅ አንባቢ ቀሪውንም ታሪክ አያምንም።

ኬዝ ስተዲ የሚጽፍ ሰው ትልቁ ችግሩ የመነሻ ልኬት ማጣት ነው። ሐዲዱ ከተዘረጋ በኋላ የቀድሞውን የታክሲ ወረፋ መለካት አይቻልም። ስለዚህ ውል እንደተፈረመ፣ ቁፋሮው ሳይጀመር፣ የመነሻው ልኬት ይወሰድ።