ድርሰት ሲታረም፦ ነጥቡ ሌላ፣ ምልክቱ ሌላ

በ1961 እ.ኤ.አ. ፖል ዲደሪክና ባልደረቦቹ በአሜሪካ አንድ ጥናት አወጡ። የኮሌጅ ጀማሪዎች የጻፏቸውን 300 ድርሰቶች ለ53 አንባቢዎች ሰጥተው፣ እያንዳንዱ በየራሱ ሚዛን በዘጠኝ ደረጃ እንዲመድባቸው አድርገው ነበር። ከአንባቢዎቹ መካከል መምህራን፣ አርታኢዎች፣ የሕግ ባለሙያዎችና ነጋዴዎች ይገኙበታል። ከ300ው ድርሰቶች 101ዱ ከመጨረሻው እስከ አንደኛው ያለውን ደረጃ በሙሉ አገኙ። አንዱ ከሁሉ በላይ ያደረገውን ወረቀት ሌላው ከሁሉ በታች አደረገው ማለት ነው። አጥኚዎቹ ልዩነቱን ሲመረምሩ አንዱ ለሐሳብ፣ ሌላው ለአደረጃጀት፣ ሦስተኛው ለሰዋስውና ለፊደል ቅድሚያ እንደሚሰጥ ተረዱ።

መምህራን ሩብሪክ የሚሉት የማረሚያ መስፈርት የሚያስፈልገው ለዚህ ነው። ምን እንደሚመዘን፣ እያንዳንዱ ስንት እንደሚይዝ አስቀድሞ ይወስናል። የስሕተት ምልክት ግን ሌላ ሥራ አለው፤ ተማሪው የትኛውን ቃል ተመልሶ እንደሚያይ ይነግረዋል። ሁለቱ ሲቀላቀሉ፣ ማለትም በእያንዳንዱ ምልክት ልክ ነጥብ ሲቀነስ፣ ብዙ የጻፈ ልጅ ብዙ ይቀነስበታል፤ ሦስት ዓረፍተ ነገር ብቻ ጽፎ ያቆመው ይተርፋል። ልጆች ይህን ቶሎ ይማሩታል፤ የሚማሩት ግን አሳጥሮ መጻፍን ነው።

ነገሩን ውጭ አገር ተወልደው በሳምንቱ መጨረሻ አማርኛ በሚማሩ ልጆች እንየው። መስፈርቱ የሚጀምረው ከባዶ ወረቀት ሳይሆን ከልጆቹ ጽሑፍ ነው። መምህሯ አንድ ዙር ድርሰት ሰብስባ፣ ነጥብ ሳትሰጥ አንብባ፣ ደህና፣ መካከለኛና ደካማ ብላ በሦስት ትከምራለች። ከዚያ ይሄኛውን ከዚያኛው የለየው ምን እንደሆነ በአንድ ዓረፍተ ነገር ትጽፋለች። የመስፈርቱ ቃላት የሚገኙት እዚያ ነው። «ጥሩ ቋንቋ ይጠቀማል» የሚለው መግለጫ ለማንም አይረዳም፤ «ጥሩ» ለሁሉም አንድ አይደለምና። «የግስና የባለቤት አለመስማማት አልፎ አልፎ ይታያል፤ አንባቢው ግን ማን ምን እንዳደረገ አይስትም» ቢባል ሁለት መምህራን ወረቀቱን አይተው ሊስማሙበት ይችላሉ።

ለእንዲህ ያለ ክፍል አራት መስፈርቶች ይበቃሉ፦ ሐሳብ፣ አደረጃጀት፣ ቋንቋ፣ ፊደልና ሥርዓተ ነጥብ። እያንዳንዱ ከ1 እስከ 4 ደረጃ ይኖረዋል። ሦስት ወይም አምስት ደረጃ ሲሆን አራሚው የተጠራጠረበትን ሁሉ መካከል ላይ ያስቀምጣል፤ አራት ሲሆን ግን ወደ ላይ ወይም ወደ ታች መወሰን ግድ ይለዋል። ሐሳብ በሁለት ቢባዛ ድምሩ ከ20 ይሆናል። በ1981 እ.ኤ.አ. ሆሊ ጃኮብስና ባልደረቦቿ ለእንግሊዝኛ ተማሪዎች ያዘጋጁትና በሰፊው የሚሠራበት መስፈርትም ከ100 ነጥብ ለይዘት 30 ሲሰጥ ለፊደልና ለሥርዓተ ነጥብ 5 ብቻ ይሰጣል።

አሁን ምልክቶቹ። ለጀማሪ አምስት ይበቃሉ፦ «ስ» ግሱ ከባለቤቱ ጋር አልተስማማም፣ «ተ» ተሳቢው ላይ «ን» ቀርቷል፣ «ጊ» የግሱ ጊዜ ተሳስቷል፣ «ፊ» ፊደሉ ሌላ ነው፣ «ነ» ነጥብ ጎድሏል። «ፊ»ን በተመለከተ አስቀድሞ የሚቆረጥ ነገር አለ። «ስራ» እና «ሥራ»፣ «ጸሐይ» እና «ፀሀይ» የመሳሰሉትን ጋዜጦችም አዋቂዎችም እያቀያየሩ ይጽፏቸዋል። ስለዚህ በዚህ ክፍል «ፊ» የሚሰጠው ድምፁ ሲለወጥ ብቻ ነው ተብሎ ለልጆቹም ለሁሉም መምህራን ይነገራል። ይህ ካልተወሰነ አንዱ መምህር ያለፈውን ሌላው ያሰምርበታል።

እንዲህ ያለ አንቀጽ እንውሰድ፦

«ባለፈው ገና እናቴ ዶሮ ገዛ። ወንድሜ ዶሮው አረደ። እኛ ሽንኩርት ከተፍን እና እናቴ በርበሬ ጨመረች እና ቤቱ ሁሉ ሸተተ እና እንግዶች መጡ። ማታ አያቴ ቡና ሠራች። ጥሩ ከን ነበር።»

«ገዛ» ይሰመርበትና ከላዩ «ስ» ይጻፋል፤ ልጁ ገዢዋ እናቱ መሆኗን አስታውሶ «ገዛች» ይላል። «ዶሮው» ላይ «ተ» ይደረጋል፤ የመጀመሪያው ዶሮ ማንኛውም ዶሮ ስለሆነ «ን» አላስፈለገውም፣ ይሄኛው ግን ተለይቶ የታወቀው ስለሆነ «ዶሮውን» ይሆናል። በ«እና» የተቀጣጠለው ረጅም ዓረፍተ ነገር «ነ» ያገኛል፣ «ከን» ደግሞ «ፊ»።

«ሸተተ» እና «ቡና ሠራች»ስ? እዚህ ላይ ምልክት አይሠራም። ልጁ ትክክለኛውን ቃል ስለማያውቀው ቢሰመርበት መገመት እንጂ ማረም አይችልም። የሁለተኛ ቋንቋ ጽሑፍን ያጠናችው ዳና ፌሪስ ስሕተቶችን ሕግ ጠቅሶ ሊታረሙ በሚችሉና በማይችሉ የምትከፍለው በዚሁ ምክንያት ነው። ለመጀመሪያዎቹ ምልክት፣ ለሁለተኛዎቹ ቃሉ ራሱ ይሰጣል። መምህሯ ከላያቸው «አወደው» እና «አፈላች» ብላ ጽፋ ታልፋለች።

ነጥቡ የሚሰጠው ምልክቶቹን ሳይቆጥሩ መግለጫዎቹን እያዩ ነው። የድርጊቱ ቅደም ተከተል ግልጽ ቢሆንም ቀኑ ለምን ጥሩ እንደነበር ስላልተነገረ ሐሳብ 3 ያገኛል፤ ሲባዛ 6። አደረጃጀት 3። ሰዋስው ቢስትም ማን ምን እንዳደረገ ስለማይጠፋ ቋንቋም 3። ፊደልና ነጥብ 2። ድምሩ 14 ይመጣል። ከሥር አንድ ጥያቄ ይጻፋል፦ «ከዚያ ቀን የማትረሳው ምንድን ነው?» ድርሰቱን የሚያሳድገው ከሁሉ በላይ የዚህ ጥያቄ መልስ ነው።

መስፈርቱ መሥራቱ የሚታወቀው ሁለት መምህራን አምስት ተመሳሳይ ወረቀቶችን ሳይነጋገሩ አርመው ሲያስተያዩ ነው። በአንድ መስፈርት ላይ ከአንድ ደረጃ በላይ ከተለያዩ፣ መጀመሪያ የሚጠረጠረው መግለጫው ነው፤ ቃሉ እንደገና ይጻፋል።

ምልክቱስ? በ1996 እ.ኤ.አ. ጆን ትረስኮት የሰዋስው እርማት አይጠቅምም፣ ይተው ብሎ ጽፎ ብዙ ክርክር አስነሥቷል፤ ፌሪስ ከተከራከሩት አንዷ ናት። እሷና ባሪ ሮበርትስ በ2001 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጥናት ምልክት ወይም መስመር ብቻ የተደረገላቸው ተማሪዎች ምንም ካልተደረገላቸው ይልቅ የራሳቸውን ጽሑፍ አርመዋል፤ በምልክቱና በመስመሩ መካከል ግን ጎላ ያለ ልዩነት አልታየም። ስለዚህ የምልክት ዝርዝር ማብዛት ትርፉ ድካም ነው። ሃያ ምልክት ያለው ገበታ ልጁን ዝርዝር ሲያገላብጥ ያውለዋል፤ መምህሩም መጨረሻዎቹ ወረቀቶች ላይ ሲደርስ ምልክቶቹን ያቀያይራል።

ወረቀቱ ሲመለስ ታዲያ ለማረሚያ የሚሆን ጊዜ በክፍል ውስጥ ይሰጥ፤ ነጥቡም እርማቱ ከተሠራ በኋላ ቢነገር ይሻላል፤ ቁጥሩን አስቀድሞ ያየ ልጅ ምልክቱን ለማየት አይቸኩልምና። ልጆቹ ሲለምዱ ከቃሉ በታች ያለው መስመር ቀርቶ ምልክቱ በኅዳጉ ብቻ ይደረጋል፤ ቃሉን ራሳቸው ይፈልጉታል። መምህሯም የየምልክቱን ብዛት በአንድ ገጽ ትመዘግባለች። ከክፍሉ ግማሹ «ተ» ካገኘ፣ በየወረቀቱ ደጋግሞ ከማስመር የሚቀጥለውን ሳምንት ትምህርት በ«ዶሮ» እና በ«ዶሮውን» ልዩነት መጀመር ይቀላል።