የተሰረዘው ዋጋ በእርግጥ ተሽጦበት ያውቃልን?

በበዓላት ሰሞን በሱቅ መስተዋትና በማኅበራዊ ትስስር ገጾች የሚታዩ ብዙ የቅናሽ ማስታወቂያዎች ሁለት ዋጋ ይይዛሉ፤ አንዱ የተሰረዘ፣ ሌላው አዲስ። የተሰረዘው ዋጋ ዕቃው ቀደም ሲል በዚያ ዋጋ ይሸጥ እንደነበር የሚገልጽ ነው። ዕቃው በዚያ ዋጋ ተሽጦ የማያውቅ ከሆነ ቅናሹ ሐሰተኛ ነው።

አሠራሩን በምሳሌ እንመልከት። አንድ ጫማ እስከ ነሐሴ 20 ቀን በ2,000 ብር ሲሸጥ ቆየ። ነሐሴ 21 ቀን ነጋዴው ዋጋውን 3,000 ብር ብሎ ለጠፈ። ከአሥር ቀናት በኋላ፣ ጳጉሜን 1 ቀን፣ 3,000 የሚለውን ሰርዞ «30 በመቶ ቅናሽ፤ 2,100 ብር» ሲል አስተዋወቀ። ሸማቹ 900 ብር ያተረፈ ይመስለዋል፤ በእውነቱ ግን ከቀድሞው ዋጋ 100 ብር ጨምሮ ከፍሏል።

ነጋዴው «3,000 ብር ለጥፌ ነበር» ቢል ሐሰት አልተናገረም። ስለዚህ ሊጠየቅ የሚገባው ዋጋው ተለጥፎ እንደነበር ብቻ ሳይሆን፣ ዕቃው በዚያ ዋጋ ለምን ያህል ጊዜ ለገበያ እንደቀረበና ማንስ እንደገዛው ነው። በአውሮፓ ኅብረት አገሮች እ.ኤ.አ. ከ2022 ጀምሮ በሥራ ላይ በዋለው ደንብ መሠረት፣ ቅናሽ የሚያስተዋውቅ ነጋዴ እንደ ቀድሞ ዋጋ የሚያሳየው ከቅናሹ በፊት በነበሩት ቢያንስ 30 ቀናት ውስጥ የሠራበትን ዝቅተኛ ዋጋ ነው። ከላይ ያየነው ጫማ በዚህ መለኪያ ቢመዘን የቀድሞ ዋጋው 2,000 ብር ስለሚሆን የሚነገር ቅናሽ አይኖርም።

ሸማቹም በዚሁ መለኪያ ሊጠቀም ይችላል። ለመግዛት ያሰበውን ዕቃ ዋጋ ከበዓሉ አንድ ወር አስቀድሞ ከነሞዴሉ መዝግቦ ወይም ፎቶግራፍ አንሥቶ ይያዝ። ይህን ካላደረገ ተመሳሳዩ ዕቃ በሌሎች ሁለት ወይም ሦስት ሱቆች ያለ ቅናሽ ስንት እንደሚሸጥ ይጠይቅ። በሁሉም ዘንድ 2,000 ብር አካባቢ ከሆነ 3,000 የተባለው ዋጋ አጠራጣሪ ነው። ቀደም ሲል ዕቃውን የገዛ ሰው ደረሰኝ ከሁሉም የተሻለ ማስረጃ ነው።

ይሁን እንጂ የዋጋ መጨመር ብቻውን ማታለልን አያረጋግጥም። አዲስ የገባው ዕቃ ለነጋዴው በውድ ዋጋ ደርሶት ሊሆን ይችላል። ልዩነቱ፣ እውነተኛ ጭማሪ ሲሆን ዕቃው በአዲሱ ዋጋ ለሳምንታት ሲሸጥ ይቆያል፤ የሐሰት ቅናሽ ሲሆን ግን ከፍተኛው ዋጋ ብቅ የሚለው ሊሰረዝ ጥቂት ቀናት ሲቀሩት ነው።

የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 የንግድ ማስታወቂያ ሐሰተኛ ወይም አሳሳች እንዳይሆን ይከለክላል፤ ነጋዴው ዋጋ እንዲለጥፍና ደረሰኝ እንዲሰጥም ያስገድዳል። በመሆኑም የተታለለ ሸማች የማስታወቂያውን ፎቶግራፍ፣ የቀድሞውን ዋጋ የሚያሳይ ማስረጃና የግዢ ደረሰኙን ይዞ በአካባቢው ለሚገኘው የንግድ ጽሕፈት ቤት አቤቱታውን ማቅረብ ይችላል።