ሰኔ 30 ላይ የሚገኘው ልዩነት

የቤት ዕቃ የሚያመርት ድርጅት የአንድ ቁም ሣጥን ወጪ ሲያሰላ የእንጨቱንና የአናጢውን ክፍያ ወዲያው ያውቃል። የሼዱ ኪራይ፣ የመብራቱ፣ የጥገናውና የጥበቃው ደመወዝ ለእያንዳንዱ ሣጥን ስንት እንደሚደርስ የሚታወቀው ግን ዓመቱ ሲያልቅ ነው። ደንበኛው ደግሞ እስከ ሰኔ አይጠብቅም። ስለዚህ ሒሳብ ሠራተኛው ሐምሌ 1 ላይ በግምት አንድ ተመን ያወጣል።

ግምቱ 2,400,000 ብር ወጪና 12,000 የማሽን ሰዓት ነበር እንበል። በሰዓት 200 ብር ይደርሳል። መብራት እየጠፋ ማሽኖቹ 10,000 ሰዓት ብቻ ከሠሩ በምርቱ ላይ የተጫነው ወጪ 2,000,000 ብር ይሆናል። በተግባር የወጣው 2,300,000 ብር ከሆነ 300,000 ብር ሳይጫን ቀርቷል።

ብዙዎች ይህን ልዩነት በሙሉ በተሸጡ ዕቃዎች ወጪ ላይ ደምረው ይዘጉታል። ገንዘቡ ትንሽ ሲሆን ይህ አያስከፋም። ሌላው መንገድ ማከፋፈል ነው። ከተጫነው ወጪ 1,400,000 ብር በተሸጡት፣ 400,000 ብር መጋዘን ባሉት ያለቁ ዕቃዎች፣ 200,000 ብር ደግሞ ገና በሥራ ላይ ባሉት ውስጥ ካለ፣ 300,000 ብሩ በዚያው መጠን 210,000፣ 60,000 እና 30,000 ሆኖ ይከፈላል። ያልተነካው እንጨት ምንም አይደርሰውም፤ ይህ ወጪ ገና አልተጫነበትምና።

ክፍፍሉ ትክክል ይመስላል። ነገር ግን 90,000 ብር ወደ ንብረት ክምችት ገብቶ የዓመቱን ትርፍ ከፍ አድርጎ ያሳያል። ከማከፋፈል በፊት ልዩነቱ ከየት እንደመጣ መጠየቅ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።

ከ200 ብሩ ውስጥ 120 ብሩ ማሽን ሠራም አልሠራም የሚከፈል ቋሚ ወጪ ነው። ማሽኖቹ ለ2,000 ሰዓት ስለቆሙ 240,000 ብር ሳይጫን የቀረው በዚህ ምክንያት ነው። ቀሪው 60,000 ብር የመጣው የቅባትና የመለዋወጫ ዋጋ በመጨመሩ ነው። ዓለም አቀፉ የሒሳብ አያያዝ ደረጃ ቁጥር 2 ቋሚ ወጪ በመደበኛ የማምረት አቅም ልክ እንዲጫን ያዛል፤ ምርት በማነሱ ወይም ማሽን በመቆሙ ሳይጫን የቀረው በዚያው ዓመት ወጪ ሆኖ ይመዘገባል። ስለዚህ 240,000 ብሩ ወደ ክምችት አይገባም። የሚከፋፈለው 60,000 ብሩ ብቻ ነው፤ ለተሸጡት 42,000፣ ላለቁት 12,000፣ በሥራ ላይ ላሉት 6,000። የክምችቱ ዋጋ በ90,000 ሳይሆን በ18,000 ብር ያድጋል።

በተቃራኒው ማሽኖቹ 13,000 ሰዓት ቢሠሩ 1,560,000 ብር ቋሚ ወጪ ይጫናል፤ የተከፈለው ግን 1,440,000 ነው። ያልወጣ 120,000 ብር በምርቱ ላይ ተቀምጧል ማለት ነው። ይህን ሁሉ ከተሸጡት ብቻ መቀነስ ትርፉን ያሳብጣል፣ መጋዘኑ ውስጥ ያለው ዕቃም ከወጣበት ወጪ በላይ ተመዝግቦ ይቀራል። ከክምችቱም ድርሻው መቀነስ አለበት።

ጥንቁቅ ሒሳብ ሠራተኛ ልዩነቱን በየወሩ ያያል። አንድ ወር ቢጎድል፣ ሌላ ወር ቢተርፍ የክረምትና የበጋ ጉዳይ ሊሆን ይችላል። ከጥቅምት እስከ ጥር በተከታታይ ከጎደለ ግን 200 ብሩ ራሱ ልክ አይደለም፤ ሰኔን ሳይጠብቁ ተመኑን እንደገና ማውጣት ያስፈልጋል፤ የሣጥኑ መሸጫ ዋጋ የሚወሰነው በዚሁ ተመን ነውና።