የትምህርት ቤቱ ድረ ገጽ የት ይቀመጥ?

አንድ የግል ትምህርት ቤት በዎርድፕሬስ የተሠራ፣ ሼርድ ሆስቲንግ ላይ የተቀመጠ ድረ ገጽ አለው እንበል። ዓመቱን ሙሉ የሚጎበኘው ጥቂት ሰው ስለሆነ ችግር የለበትም። የምዝገባ ማስታወቂያው ወጥቶ ሊንኩ በቴሌግራም ግሩፕ ሲለቀቅ ግን ወላጁ ሁሉ በአንድ ጊዜ ይከፍተዋል። ያኔ ስልኩ ላይ የሚመጣው 508 Resource Limit Is Reached የሚል ጽሑፍ ነው። ለባለቤቱ ወዲያው የሚሰጠው ምክር ደግሞ «ቪፒኤስ ግዛ» የሚል ነው። ይህ ምክር ብዙ ሰው ያለአግባብ ገንዘብ እንዲያወጣ ያደርጋል ብዬ አምናለሁ።

በሼርድ ሆስቲንግ የብዙ ደንበኞች ድረ ገጾች አንድ ሰርቨር ላይ አብረው ይቀመጣሉ። ሰርቨሩን ማዘመንና መጠበቅ የአከራዩ ድርጅት ሥራ ነው። ደንበኛው ሲፓነል በሚባለው መቆጣጠሪያ ገብቶ ዎርድፕሬስን በቀላሉ ይጭናል፣ በራሱ ዶሜይንም ኢሜይል ይከፍታል። አንዱ የሌላውን ድርሻ እንዳይሻማ ግን ለእያንዳንዱ ገደብ ይቀመጥለታል። በሲፓነል ላይ Entry Processes የሚለው ገደብ በብዙ ቦታ 20 ነው፤ በአንድ ቅጽበት በመሠራት ላይ ያሉ ገጾች ከዚያ መብለጥ አይችሉም። ዎርድፕሬስ አንዱን ገጽ ለማዘጋጀት አንድ ሰከንድ ከፈጀበት በሰከንድ የሚያስተናግደው 20 ሰው ነው። በዚያች ሰከንድ 60 ወላጅ ከመጣ ብዙዎቹ ስህተቱን ያያሉ ማለት ነው። ገደቡ ተነክቶ እንደሆነ Resource Usage በሚለው ገጽ ይታያል፤ ማንኛውንም ውሳኔ ከመወሰን በፊት እሱን መክፈት ይገባል።

አሁን ቪፒኤስ ተገዛ እንበል። ቪፒኤስ ከአንድ ትልቅ ሰርቨር ተከፍሎ የሚሰጥ፣ የራሱ ሜሞሪና የራሱ ኦፕሬቲንግ ሲስተም ያለው ድርሻ ነው። ርካሹ አብዛኛውን ጊዜ 1 ጊጋባይት ሜሞሪ አለው። ከዚህ ውስጥ ግማሽ ያህሉን ሲስተሙና ዳታቤዙ ይወስዱታል። ዎርድፕሬስ ለእያንዳንዱ በመሠራት ላይ ላለ ገጽ 50 ሜጋባይት ገደማ ቢፈልግ፣ በቀረው ሜሞሪ በአንድ ጊዜ የሚሠራው 10 ገጽ ብቻ ነው። ከነበረበት 20 አነሰ ማለት ነው! ቁጥሩ በትክክል ካልተገደበ ደግሞ ሜሞሪው ያልቅና ሲስተሙ ዳታቤዙን ራሱ ሊዘጋው ይችላል፤ ጎብኚው የሚያየው Error establishing a database connection የሚለውን ነው። በዚያ ላይ ባክአፕ መያዝ፣ የመግቢያ በሮችን መዝጋትና ሲስተሙን ማዘመን የተከራዩ ሥራ ይሆናል፦

```
sudo apt update
sudo apt upgrade
```

ይህን በየጊዜው የሚሠራ ሰው ከሌለ ቪፒኤሱ ውሎ አድሮ በር ላላው ለሚፈልጉ ሰርጎ ገቦች ይጋለጣል።

ዋናው ጥያቄ ሌላ ነው፦ ገጹ ለእያንዳንዱ ሰው ይለያያል ወይ? የምዝገባው ማስታወቂያ አይለያይም። ሺህ ወላጅ የሚያነበው ያንኑ ጽሑፍ ነው፤ ዎርድፕሬስ ግን ከዳታቤዝ እያወጣ ሺህ ጊዜ እንደ አዲስ ይሠራዋል። በስታቲክ ሆስቲንግ ገጹ አንዴ ተሠርቶ እንደ ተራ ፋይል ይቀመጣል፣ ለጠየቀው ሁሉም እንዳለ ይላካል። ዳታቤዝ የለም፤ ስለዚህ የሚጨናነቅም የሚሰበርም ነገር ጥቂት ነው። ለምሳሌ ጊትሃብ ፔጅስ ያለ ክፍያ እስከ 1 ጊጋባይት የሚደርስ ድረ ገጽ ይቀበላል፣ በወርም እስከ 100 ጊጋባይት እንዲላክ ይፈቅዳል። አንድ ገጽ ከነፎቶው ግማሽ ሜጋባይት ቢሆን በወር 200,000 ጊዜ ይከፈታል ማለት ነው። ለአንድ ትምህርት ቤት ከበቂ በላይ ነው። ኦንላይን ሽያጭ ማካሄጃ እንዲሆን ግን አይፈቅድም፤ በይለፍ ቃል የሚገባ ተማሪን ማስተናገድም ሆነ ፎርም ተቀብሎ ማስቀመጥ በራሱ አይችልም። ማስታወቂያውን የሚቀይረውም ሰው ፋይል ማረም መልመድ አለበት።

ጸሐፊዋ ዎርድፕሬስን ለምዳው ከሆነ ባለበት መቆየትም ይቻላል። ገጹን አንዴ ሠርቶ የሚያስቀምጥ ፕለጊን፣ ለምሳሌ ደብልዩፒ ሱፐር ካሽ፣ ሲጫን አብዛኛው ጫና ይቀንሳል። ትምህርት ቤቱን እኔ ባማክር መጀመሪያ የማስሞክረው ይህንን ነው። ኢትዮጵያ ውስጥ በዶላር መክፈል የማይችል ሰው ደግሞ ሆስቲንግና የ.et ዶሜይን ከኢትዮ ቴሌኮም በብር ማግኘት ይችላል።

ቪፒኤስ የሚያስፈልገው እያንዳንዱ ወላጅ ገብቶ የልጁን ውጤት የሚያይበት ፕሮግራም በፓይተን ወይም በኖድ ሲሠራ፣ ወይም ቀን ከሌት የሚሠራ የቴሌግራም ቦት ሲኖር ነው። ያኔም ደመወዝ የሚከፈለው የሚጠብቀው ሰው ቀድሞ መገኘት አለበት።

ከሼርድ ሆስቲንግ ለመውጣት የወሰነ ሰው አካውንቱን ከመዝጋቱ በፊት ኢሜይሉን ያስብ። የትምህርት ቤቱ ኢሜይል ያለው እዚያው ሰርቨር ላይ ስለሆነ አካውንቱ ሲዘጋ የድሮዎቹ ደብዳቤዎች አብረው ይጠፋሉ። በቅድሚያ ደብዳቤዎቹን ማውረድ፣ ሌላ የኢሜይል አገልግሎት መያዝና የዶሜይኑን MX መዝገብ ወደዚያ ማዞር ያስፈልጋል።