ካልቨርቱ ስንት ውሃ ይጠብቃል?

በአንድ መንገድ የድሬኔጅ ዲዛይን ሪፖርት ውስጥ ያለው የሃይድሮሎጂ ምዕራፍ የሚመልሰው አንድ ጥያቄ ነው፦ ካልቨርቱ አፍ ላይ በሰከንድ ስንት ሜትር ኩብ ውሃ ይደርሳል? የቱቦው ስፋትም ሆነ የዲቹ ጥልቀት የሚወሰነው በዚህ ቁጥር ነው። ቁጥሩ የሚገኘው ከዝናብ መረጃ፣ ከሪተርን ፔሬድ ምርጫና ስለ ተፋሰሱ ከሚያዘው ግምት ነው። ስብሰባ ላይ አብዛኛውን ጊዜ የሚያከራክረው ሪተርን ፔሬዱ ቢሆንም፣ መልሱን ከሁሉም በላይ የሚለውጠው የተፋሰሱ ግምት ነው።

ሥራው ከዝናብ መዝገብ ይጀምራል። በኢትዮጵያ አብዛኞቹ የሚቲዎሮሎጂ ጣቢያዎች ዝናብን የሚለኩት በቀን አንድ ጊዜ፣ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ነው። ባለሙያው ከእያንዳንዱ ዓመት ከፍተኛውን የአንድ ቀን ዝናብ እየለቀመ ይደረድራል። እዚህ ላይ ሁለት ወጥመዶች አሉ። አንደኛው፣ ከንጋት ጀምሮ እስከ ረፋድ የዘለቀ ዝናብ በንባብ ሰዓቱ ለሁለት ተከፍሎ በሁለት ቀን መመዝገቡ ነው፤ የ24 ሰዓቱ እውነተኛ ከፍተኛ ዝናብ ከተመዘገበው ስለሚበልጥ፣ በልማድ መዝገቡ በ1.13 ይባዛል። ሁለተኛው የባሰ ነው። ያልተነበበ ቀን ባዶ መሆን ሲገባው ዜሮ ተብሎ ይገባል። የሐምሌና የነሐሴ ንባብ የጎደለበት ዓመት ከፍተኛው ዝናብ 18 ሚሊ ሜትር ሆኖ ይታያል፤ ይህ የድርቅ ምልክት ሳይሆን የመዝገብ ጉድለት ነው። እንዲህ ያለው ዓመት ሳይጣራ ከተደመረ አማካዩን ዝቅ፣ መዋዠቁን ደግሞ ከፍ ያደርጋል። የጎረቤት ጣቢያ የዚያን ዓመት ክረምት ምን ብሎ እንደመዘገበ ማየት ብቻ ብዙውን ስህተት ያጋልጣል።

ቀጥሎ የሚመጣው ሪተርን ፔሬድ ነው። የ10 ዓመት ዝናብ ማለት በየ10 ዓመቱ ቀጠሮ ይዞ የሚመጣ ዝናብ አይደለም፤ በማንኛውም ዓመት የመድረስ ወይም የመበለጥ ዕድሉ ከ10 አንድ የሆነ ዝናብ ነው። ዘንድሮ ስለወረደ በሚቀጥለው ክረምት አይወርድም የሚል ዋስትና የለም። 20 ዓመት እንዲያገለግል የታሰበ ካልቨርት በ10 ዓመት ዝናብ ከተሠራ፣ በዚያ ጊዜ ውስጥ ቢያንስ አንድ ጊዜ ከአቅሙ በላይ ውሃ የማግኘት ዕድሉ 88 በመቶ ገደማ ነው። ይህ የዲዛይን ጉድለት ሳይሆን ታስቦበት የተገባ ውል ነው፦ ለትንሽ መንገድ ውሃው አስፋልቱን ለአንድ ሰዓት ቢሻገር ይቻላል። ብዙ ተሽከርካሪ ለሚያስተናግድ መንገድ ካልቨርት 25፣ ለድልድይ ደግሞ 50 ወይም 100 ዓመት የሚመረጠው የሚያስከትለው ጉዳት ስለሚለያይ ነው።

የምርጫው ክብደት ምን ያህል እንደሆነ በአንድ ምሳሌ ማየት ይቻላል። በከተማ ዳር 30 ሄክታር ስፋት ያለው ተፋሰስ አለ እንበል። ከሩቁ ጫፍ እስከ ካልቨርቱ 900 ሜትር ይረዝማል፤ ቁልቁለቱ 5 በመቶ ነው። ተስተካክሎ የተጣራው መዝገብ ለከፍተኛው የቀን ዝናብ አማካይ 45 ሚሊ ሜትር፣ መደበኛ ልዩነት 12 ሚሊ ሜትር ይሰጣል። ለእንዲህ ያለ ስሌት የተለመደው የጉምበል ዘዴ የ10 ዓመቱን ዝናብ 61፣ የ50 ዓመቱን 76 ሚሊ ሜትር ያደርሰዋል። ሪተርን ፔሬዱ በአምስት እጥፍ ሲያድግ ዝናቡ የጨመረው በሩብ ብቻ ነው።

ትንሽ ተፋሰስን የሚያጥለቀልቀው ግን የቀኑ ድምር ሳይሆን አጭሩ ዶፍ ነው። ውሃ ከሩቁ ጫፍ ተነሥቶ ካልቨርቱ ጋ ለመድረስ የሚፈጅበት ጊዜ በኪርፒች ቀመር 12 ደቂቃ ገደማ ይሆናል፤ ስለዚህ የሚፈለገው የ12 ደቂቃ ዝናብ ኃይል ነው። የቀኑ ዝናብ ወደዚህ አጭር ጊዜ ሲወርድ በ10 ዓመቱ በሰዓት 83፣ በ50 ዓመቱ 104 ሚሊ ሜትር ይወጣል። እነዚህ ወደሚከተለው ቀመር ይገባሉ፦

Q = 0.00278 × C × I × A

Q በሰከንድ የሚደርሰው ሜትር ኩብ፣ I የዝናቡ ኃይል፣ A ስፋቱ በሄክታር ነው። C ከሚዘንበው ውስጥ መሬቱ ሳይመጠው ወደ ካልቨርቱ የሚወርደውን ድርሻ ያሳያል። ተፋሰሱ ማሳና ሣር ሆኖ C 0.3 ቢያዝ፣ የ10 ዓመቱ ጎርፍ በሰከንድ 2.1፣ የ50 ዓመቱ 2.6 ሜትር ኩብ ነው። አሁን ሪተርን ፔሬዱ እዚያው 10 ላይ ይቆይና መሬቱ ይለወጥ፤ ማሳው ቆርቆሮ ጣሪያ፣ ኮብልስቶንና የሲሚንቶ ዲች ይሁን። C ወደ 0.7 ያድጋል፤ ውሃውም ስለሚፈጥን ጊዜው ወደ 8 ደቂቃ ያጥራል፤ የዝናቡ ኃይል 95 ይሆናል። ጎርፉ 5.5 ሜትር ኩብ ደረሰ። ከ10 ወደ 50 ዓመት መሻገር ግማሽ ሜትር ኩብ ብቻ ሲጨምር፣ ሰፈር መግባቱ ጎርፉን ከሁለት እጥፍ ተኩል በላይ አሳደገው። በ50 ዓመት ተሠርቷል የተባለው ካልቨርት በአዲሱ ሰፈር ተራ ክረምት ሊያሸንፈው ይችላል።

ስፋቱም ቢሆን በቀላሉ አይታመንም። 1፡50,000 በሆነ ካርታ ላይ 30 ሄክታር ከአንድ ካሬ ሴንቲ ሜትር ብዙም አይበልጥም፤ የከፍታ መስመሮቹም ትንሿን ጉብታ አያሳዩም። ይባስ ብሎ ውሃው የካርታውን ድንበር አያከብርም። ከላይ ያለ አሮጌ መንገድ ዲቹ የጎረቤቱን ተፋሰስ ውሃ ይዞ ወደዚህኛው ሊያመጣ ይችላል፤ ያ ደግሞ በወረቀት ላይ የማይታይ ተጨማሪ 10 ሄክታር ሊሆን ይችላል። ስለዚህ መስመሩን በእግር መከተል፣ በተለይም ዲቹ የሚታጠፍበትን ቦታ ማየት፣ የምዕራፉ አካል ነው።

የዝናብ ጣቢያው የቆመበት ቦታም ከዚሁ ጋር ይያያዛል። በሐምሌ 1998 መጨረሻ ከ200 በላይ ሰዎችን የገደለው የድሬዳዋ የደቻቱ ጎርፍ ከከተማዋ በላይ ካሉ ተራሮች የወረደ ነው። እንዲህ ባለ ወንዝ ላይ ከታች ከከተማው መለኪያ ብቻ የተነሣ ስሌት፣ ጎርፉን የሚፈጥረውን ዝናብ ጨርሶ ላያየው ይችላል።

ስሌቱን የሚፈትኑ ምልክቶች ደጅ ላይ ይገኛሉ። አጠገብ ያለ የቆየ ካልቨርት ግድግዳ ላይ የቀረ የጭቃ መስመር፣ ከአጥር ላይ የተንጠለጠለ ገለባ፣ ወይም የአካባቢው አዛውንቶች «እዚህ ድረስ ደርሶ ነበር» ብለው የሚያሳዩት ቦታ የውሃውን ከፍታ ይሰጣል። ከከፍታው፣ ከቦዩ ቅርጽና ከቁልቁለቱ ያለፈው ጎርፍ መጠን ወደ ኋላ ተሰልቶ ይገመታል። ስሌቱ ለ10 ዓመት 2 ሜትር ኩብ ብሎ፣ የጭቃው መስመር ግን በጥቂት ዓመታት ውስጥ ሁለት ጊዜ 4 ማለፉን ካሳየ፣ መጀመሪያ የሚፈተሸው C እና የተፋሰሱ ድንበር ነው፤ ሪተርን ፔሬዱን ከፍ በማድረግ ጉዳዩን መሸፈን ምክንያቱን ሳይነካ ቱቦ ማስፋት ነው።

ይህ ሁሉ የሚሠራው ለትንንሽ ተፋሰሶች ነው። ቀመሩ ዝናቡ በመላው ተፋሰስ ላይ በእኩል ኃይል ይወርዳል ብሎ ስለሚነሣ፣ የኢትዮጵያ የመንገድ ድሬኔጅ ማኑዋል ከ50 ሄክታር በታች ላሉት ይወስነዋል። ከዚያ በላይ ሲሆን የአፈሩን ዓይነትና የመሬቱን ሽፋን በቁጥር የሚያስገባው የኤስ ሲ ኤስ ዘዴ ይተካዋል። ዘዴው ቢለወጥም መሬቱ በየትኛው ዓመት ይዞታ እንደታሰበ፣ ማሳ ወይስ ሰፈር ተብሎ እንደተያዘ፣ ሪፖርቱ በግልጽ መጻፍ አለበት፤ ያ መስመር ከሌለ ቀጣዩ መሐንዲስ ቁጥሩን የሚፈትንበት መንገድ አይኖረውም።