ከተናጋሪው ኋላ ኋላ

እ.ኤ.አ. በ1953 ኮሊን ቼሪ የተባሉ እንግሊዛዊ ተመራማሪ፣ ሰው በጫጫታ መሀል የአንዱን ንግግር ብቻ ለይቶ የሚሰማው እንዴት እንደሆነ ለማወቅ ሙከራ አደረጉ። ተሳታፊዎቹ ማዳመጫ ጆሯቸው ላይ አድርገው የሚሰሙትን ንግግር፣ ተናጋሪው ሳይጨርስ ከኋላ ከኋላው እየተከተሉ ጮክ ብለው እንዲደግሙ ተጠየቁ። ቃላቱን ያለ ብዙ ችግር ደገሙ። ድምፃቸው ግን ከፍ ዝቅ የማይል፣ ወጥና ደረቅ ነበር፤ ይህንንም ራሳቸው አላስተዋሉም። ንግግሩ ስለ ምን እንደሆነ እንኳ በቅጡ ያልያዙ ነበሩ። የደገሙት ደግሞ የገዛ ቋንቋቸውን ነው።

ዛሬ ቋንቋ ተማሪዎች «ሻዶዊንግ» የሚሉት ልምምድ ከዚህ ብዙም አይለይም። የአፍ መፍቻ ተናጋሪ ቀረጻ ይከፈታል፤ ተማሪው በግማሽ ወይም በአንድ ሰከንድ ያህል ወደኋላ ቀርቶ፣ ሳያቋርጥ እየተከተለ ይናገራል። አስተርጓሚዎች ሲሰለጥኑም ይጠቀሙበታል። ብዙ ሰው የሚሞክረው የአነጋገር ምቱ እንዲስተካከልለት ነው። የቼሪ ሙከራ የሚያሳየው ግን ተዘጋጅተው ካልገቡበት ቃሉ ተይዞ ምቱ እንደሚቀር ነው። ስለዚህ ዋናው ጥያቄ ስንት ጊዜ ልድገም ሳይሆን ጆሮዬ ምኑን ይከተል የሚለው ነው።

እንግሊዝኛ የሚማር አማርኛ ተናጋሪን እንውሰድ። አማርኛችን ተነባቢ ያጠብቃል፣ ያላላል፤ አብዛኛው የቃል ክፍል ግን የየራሱን ድርሻ አግኝቶ ይሰማል። እንግሊዝኛ ግን ጥቂት ክፍሎችን ያጎላና ያስረዝማል፣ የቀሩትን በመካከላቸው አፍኖና አሳጥሮ ያልፋል። እኛ ሁሉንም እኩል ስንጠራ ሰዋስዋችን ትክክል ሆኖ ሳለ ሰሚው ይደክማል፤ የትኛው ቃል ዋና እንደሆነ የሚነግረው ምልክት ጠፍቶበታል።

ቀረጻ ሲመርጡ አንድ ሰው ብቻ የሚናገርበት፣ ከሰላሳ ሰከንድ እስከ አንድ ደቂቃ የሚረዝምና ጽሑፉ አብሮት ያለ ይሁን። ሲያነቡት የማያውቁት ቃል ከሁለት ወይም ከሦስት ከበለጠ ሌላ ይፈልጉ። ፊልም ላይ የሚጯጯሁ ገጸ ባሕርያትም ለጀማሪ አይሆኑም። እ.ኤ.አ. በ1959 የአሜሪካ ድምፅ ለተማሪዎች የጀመረው ዝግ ያለ የእንግሊዝኛ ዜና ዓይነት ንባብ ለመረዳት ግሩም ነው፤ ለዚህ ሥራ ግን አልመርጠውም። ንባቡ ዝግ ሲል መታፈን የነበረባቸው ትናንሽ ቃላት ጎልተው ይወጣሉና እንለውጠዋለን ያልነውን ልማድ መልሶ ያስተምረናል። በተለመደ ፍጥነት የተነገረ ይምረጡ፤ ከከበደዎት ማጫወቻውን ወደ 0.75 ዝቅ ያድርጉት፣ ከዚያ በታች ግን ድምፁ ይጎተታል።

አሁን ቀረጻው ውስጥ ይህ ዓረፍተ ነገር አለ እንበል፦ «አይ ዋዝ ጎይንግ ቱ ቴል ዩ አባውት ኢት አት ዘ ኦፊስ»፤ ቢሮ ስንገናኝ ልነግርህ ነበር እንደማለት። በጽሑፍ ሲቆጠር አሥራ አራት የቃል ክፍል አለው። መጀመሪያ ጽሑፉን ሳያዩ ሁለት ሦስት ጊዜ ያዳምጡ፤ አፍዎን አይክፈቱ፣ ጎላ ያለው ክፍል በመጣ ቁጥር ግን ጠረጴዛውን በጣትዎ ይምቱ። አብዛኛውን ጊዜ ጣትዎ አጥብቆ የሚመታው ሁለቴ ነው፤ «ቴል» ላይና የ«ኦፊስ» መጀመሪያ ላይ። «ባውት» ላይ ለስለስ ያለ ምት ይኖራል። የቀረው ሁሉ በመሀል ሾልኮ ያልፋል።

ከዚያ ጽሑፉን አውጥተው ምቶቹን ያስምሩ፣ ተናጋሪው ትንፋሽ የወሰደበትንም ቦታ በአንድ ጭረት ይለዩ። ከዚያም ቃላቱ በእርግጥ እንዴት እንደተሰሙ በራስዎ ፊደል ይጻፉ። አሜሪካዊ ተናጋሪ ከሆነ ምናልባት «አይወዝገነ ቴልየ ባውዲት አትዚ ኦፊስ» የሚመስል ነገር ይሰማሉ። «ጎይንግ ቱ» ወደ «ገነ» ተጨፍልቋል፤ የ«አባውት» መጨረሻ ከ«ኢት» ጋር ተጋጥሞ ድምፁ ለስልሷል፤ አናባቢ ስለተከተለው «ዘ» «ዚ» ሆኗል። ይህ የሰነፍ አነጋገር አይደለም፤ የተማሩ ሰዎች ሁሉ እንዲሁ ነው የሚናገሩት።

በሦስተኛው ዙር ቃሉን ትተው ዜማውን ብቻ ይከተሉ፤ ከንፈር ገጥመው እያጉረመረሙ ከቀረጻው ጋር ከፍ ዝቅ ይበሉ። ሰው ቢሰማዎት ሊያሳፍር ይችላል፣ ሆኖም ይህን ዙር የዘለለ ሰው የቼሪ ተሳታፊዎች የደረሱበት ላይ ይደርሳል። ቀጥሎ ጽሑፉን እያዩ አብረው ይናገሩ። በመጨረሻ ጽሑፉን ገልብጠው በጆሮ ብቻ ይከተሉ። ማዳመጫውን በአንድ ጆሮ ብቻ ያድርጉ፤ ሌላው ጆሮ የራስዎን ድምፅ ይስማ።

ሲከተሉ ምላስዎ መታሰሩ አይቀርም። በዚህ ጊዜ ቀረጻውን ማስቆም ትልቁ ስህተት ነው። ያመለጠውን ይተዉትና ቀጣዩን ጎላ ያለ ምት ይጠብቁ፣ እዚያ ላይ ይግቡ። የሚያደናቅፈው ያው አንድ ቦታ ከሆነ ግን ከቀረጻው ውጪ ከመጨረሻው ጀምረው ይገንቡት፤ «አትዚ ኦፊስ»፣ ቀጥሎ «ባውዲት አትዚ ኦፊስ»፣ ቀጥሎ «ቴልየ ባውዲት አትዚ ኦፊስ»። ከኋላ ሲጀመር የዓረፍተ ነገሩ ማለቂያ ዜማ በየድግግሞሹ ሳይበላሽ ይቆያል።

ለውጥ መኖሩን ለማወቅ በሌላ ስልክ ራስዎን ይቅረጹ። ድምፁ በማዳመጫ ስለሚመጣ የሚቀረጸው የእርስዎ ብቻ ነው። ሲያዳምጡት መጀመሪያ ሰዓቱን ይዩ። ተናጋሪው በአርባ ሰከንድ የጨረሰውን እርስዎ ጽሑፉን ብቻዎን ሲያነቡ ሃምሳ ከፈጀ፣ ምናልባት የታፈኑትን ቃላት ሙሉ አድርገው እየጠሩ ነው። ሌላው ማረጋገጫ የተነባቢዎች ክምችት ነው። ጠየቀ ለማለት «አስክት» የሚለው በእንግሊዝኛ አንድ ምት ብቻ ነው፤ እኛ ግን መሀሉ ላይ አናባቢ ሸጉጠን «አስክድ» እያልን ሁለት እናደርገዋለን። የሳድስ ፊደላችን አናባቢ ሲኖረውም ሳይኖረውም አንድ ዓይነት ስለሚጻፍ፣ ስህተቱ በጽሑፍ አይታይም፤ በጆሮ ብቻ ነው የሚያዘው። እንዲህ ያለ ቦታ ካገኙ ያንን ቃል ለብቻው ጣት እየመቱ ይለማመዱት፤ አንድ ምት፣ አንድ ቃል።

አሥር ወይም አሥራ አምስት ደቂቃ በቀን ይበቃል። ከዚያ ካለፈ ትኩረት ይደክምና አፍ ብቻውን መሥራት ይጀምራል። ያንኑ የአንድ ደቂቃ ቀረጻ ለብዙ ቀናት መያዝ፣ በየቀኑ አዲስ ከመክፈት በጣም ይሻላል።

የልምምዱ ድንበር ደግሞ ግልጽ ነው። ሰው ያሰናዳውን ዓረፍተ ነገር መከተል የራስን ዓረፍተ ነገር መፍጠር አይደለም፤ አዲስ ቃልም ብዙ አያስተምርም። በቀረጻው ላይ እንደ ውሃ የሚፈስ ሰው ስልክ ሲደወልለት ወደ ቀድሞ አነጋገሩ ቢመለስ አይገርምም። ስለዚህ አንድ ቀረጻ ከመሰናበትዎ በፊት ድምፁን ዘግተው ያንኑ ጉዳይ በራስዎ ቃላት ለአንድ ደቂቃ ይናገሩና ይቅረጹት። ሲያዳምጡት ምቱ የተያዘባቸው ሐረጎች ይኖራሉ፤ ቃል ሲፈልጉ ያቃሰቱባቸውና ሁሉም እኩል የተጠራባቸው ቦታዎችም ይኖራሉ። የሚቀጥለውን ቀረጻ ሲፈልጉ በእነዚያ ቦታዎች ያጡትን ዓይነት ሐረግ የያዘውን ይምረጡ።