ምልክቱን የሚለውጥ ፍጥነት፦ የተጓዘ ርቀትና የቦታ ለውጥ

በቀጥታ መስመር ላይ የሚንቀሳቀስ አካል አቅጣጫዊ ፍጥነት፣ በሜትር በሰከንድ ሲለካ፣ v(t) = t² − 4t + 3 ነው እንበል። ከ0 እስከ 4 ሰከንድ ያለው የቦታ ለውጥ የዚህ ፈንክሽን ኢንተግራል ሲሆን ውጤቱ 4/3 ሜትር ነው። የተጓዘው ርቀት ግን ከዚህ ይበልጣል፤ ፍጥነቱ በ1ኛውና በ3ኛው ሰከንድ ምልክቱን ስለሚለውጥ በመካከሉ አካሉ ወደ ኋላ ይመለሳል። ጊዜው በእነዚህ ሁለት ነጥቦች ሲከፈል የሦስቱ ክፍሎች የቦታ ለውጥ በቅደም ተከተል 4/3፣ −4/3 እና 4/3 ሜትር ይሆናል። የፍጹም ዋጋቸው ድምር፣ ማለትም ርቀቱ፣ 4 ሜትር ነው።

ስህተት የሚመጣው ጊዜው በሌላ ነጥብ ሲከፈል ነው። በ2ኛው ሰከንድ ብቻ ቢከፈል እያንዳንዱ ግማሽ 2/3 ሜትር ይሰጣል፤ ድምሩም ያው 4/3 ይሆናል። በየግማሹ ወደ ፊትና ወደ ኋላ የተደረገው ጉዞ አስቀድሞ ተጣፍቷልና።

በየተወሰነ ጊዜ ከተመዘገበ የቦታ መረጃ ርቀትን የሚያሰላ ተመራማሪም ይኸው ጉድለት ይገጥመዋል፤ በሁለት ምዝገባዎች መካከል የተደረገ ደርሶ መልስ ከድምሩ ይጠፋል። የመለኪያው ስህተት አነስተኛ ከሆነ፣ የምዝገባው ክፍተት ሲጠብ ርቀቱ ማደጉ የታለፈ የመመለሻ ነጥብ እንደነበረ ያሳያል።